ሲጎተት የሚቀጥነው ዘንግ፦ ይዘቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

እንደምን አመሻችሁ። ወደ ሒሳቡ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁና እጅ በማውጣት መልሱልኝ። 20 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ የብረት ዘንግ አለን። ማሽን ሁለቱን ጫፍ ነክሶ ይጎትተዋል። ይረዝማል፤ በዚህ ሁላችንም እንስማማለን። ከጎኑ ይቀጥናል፤ በዚህም የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። የኔ ጥያቄ ስለ ይዘቱ ነው። ዘንጉ በጠቅላላ የያዘው ቦታ ጨመረ፣ ቀነሰ ወይስ ባለበት ነው?

(ብዙው እጅ የተነሳው «ባለበት ነው» ሲባል ነበር።)

የጠበቅሁትም ይህንኑ ነው። ከጎን የጎደለው ወደ ርዝመቱ ሄዷል ብሎ ማሰብ ያለ ነገር ነው፤ ሊጥ ስንስብ የምናየው እንደዚያ ነውና። ብረት ግን እንደዚያ አይደለም። ተጎትቶ ገና ሲለቀቅ ወደ ነበረበት በሚመለስበት ደረጃ ላይ እስካለ ድረስ ይዘቱ ይጨምራል። ዛሬ የምናወራው ስለዚህች ጭማሪ ነው፤ ትንሽ ናት፣ ግን ብዙ ነገር ትናገራለች።

እስቲ በቁጥር እንያት። ከዘንጉ ላይ 200 ሚሊሜትር የሚሆነውን መካከለኛ ክፍል እንውሰድ። ዘንጉ ተቆርጦ ቢታይ ፊቱ 314 ስኩዌር ሚሊሜትር ስፋት አለው። በ62.8 ኪሎኒውተን ኃይል እንጎትተው፤ ስድስት ቶን ተኩል ግድም የሚመዝን ነገር እንደማንጠልጠል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ 200 ኒውተን ደረሰ፤ ይህ በስፋት የተካፈለ ኃይል ስትረስ ይባላል፣ 200 ሜጋፓስካል ነው። ቁስ ሲጎተት መርዘምን ምን ያህል እምቢ እንደሚል የሚናገረው ቁጥር ያንግ ሞጁለስ ይባላል፣ E ብለን እንጽፈዋለን፤ የብረት 200 ጊጋፓስካል ያህል ስለሆነ ዘንጉ የርዝመቱን አንድ ሺሕኛ ይረዝማል። በ200 ሚሊሜትር ላይ 0.2 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ቅጥነቱስ? የፖይሰን ሬሾ የሚባለው ቁጥር እዚህ ይገባል። ወደ ጎን የቀጠነውን ክፍልፋይ ወደ ርዝመት ለረዘመው ክፍልፋይ ስናካፍል የምናገኘው ነው፤ በግሪክ ፊደል ν ተብሎ ይጻፋል። ለብረት 0.29 አካባቢ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ አንድ ሺሕኛ ሲጨምር ዲያሜትሩ በ0.29 ሺሕኛ ይቀንሳል። ከ20 ሚሊሜትር ላይ 5.8 ማይክሮሜትር መሆኑ ነው። ካሊፐር ይዛችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም።

አሁን ይዘቱን እናስላ። ርዝመቱ አንድ ሺሕኛ ጨመረ። ውፍረቱ በ0.29 ሺሕኛ ቀነሰ፣ ግን የቀነሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ ወደ ግራና ቀኝም፣ ወደ ፊትና ኋላም ነው። ስለዚህ ከይዘቱ ሁለት ጊዜ 0.29፣ ማለትም 0.58 ሺሕኛ ይጎድላል። አንድ ገቢ፣ 0.58 ወጪ፤ 0.42 ሺሕኛ ተረፈ። የወሰድነው ክፍል ይዘቱ 62,832 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ስለሆነ ጭማሪው 26 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ይሆናል። ግማሽ ጠብታ ውሃ ያህል ነው። በአጭሩ ስንጽፈው፦

ΔV/V = ε(1 − 2ν)

እዚህ ε የርዝመቱ ክፍልፋይ ጭማሪ፣ ስትሬይን የሚባለው ነው። ቀመሩን ቆም ብላችሁ እዩት። ν ግማሽ ቢሆን ገቢና ወጪ እኩል ይሆኑና ይዘቱ ባለበት ይቀራል። እጃችሁን ስታወጡ ሳታውቁት «ν ግማሽ ነው» ማለታችሁ ነበር። ν ከግማሽ ቢበልጥ ደግሞ ስንጎትተው ይዘቱ የሚቀንስ፣ በዙሪያው ስንጫነው የሚያብጥ ነገር ይሆናል። በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ጠባይ ያለው ጤነኛ ቁስ እንዲህ ሊሆን አይችልም፤ ስትጫኑት ካበጠ እናንተ ሳትደክሙ እሱ ሥራ ይሠራላችኋል ማለት ነውና። ላይኛው ወሰን 0.5 የሆነው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ከሲሜዮን ዴኒ ፖይሰን ነው። ፖይሰን በ1827 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ ጠጣር ነገር ሁሉ ጥቃቅን ነጥቦች ተሰብስበው የሠሩት ነው፣ እያንዳንዱ ጥንድ ነጥብ በመካከሉ ባለው ቀጥታ መስመር ላይ ብቻ ይሳሳባል ወይም ይገፋፋል የሚል ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ሒሳቡን ሲሠራው ለሁሉም ቁስ የሚሆን አንድ ቁጥር ወጣለት፤ ሩብ። ብረትም ሆነ ብርጭቆ፣ ሽቦ ሲረዝም የርዝመቱን ሩብ ያህል ይቀጥናል፣ ይዘቱም በርዝመቱ ክፍልፋይ ግማሽ ይጨምራል።

ትንቢቱን የሚደግፍ ሙከራም ነበረው። የሠራው ካኛር ደ ላ ቱር ነው፤ ሲረን የተባለውን የድምፅ መሣሪያ በ1819 የፈለሰፈው ሰው። ዘዴው ያምራል። ከታች በተዘጋ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሽቦ ይቆማል፣ የሽቦው ታችኛ ጫፍ ይታሰራል፣ ቱቦው በውሃ ይሞላል። ከዚያ ሽቦው ከላይ ይሳባልና የውሃው ከፍታ ይነበባል። ሽቦው ሳይቀጥን ቢረዝም ኖሮ በላይ በኩል የወጣውን ያህል ከታች እየተተካ ውሃው ውስጥ ያለው ክፍል ያንኑ ቦታ በያዘ ነበር፤ ውሃው ንቅንቅ አይልም። ውሃው ዝቅ ካለ ምክንያቱ ቅጥነቱ ብቻ ነው። አምስት ማይክሮሜትር በሚለካ መሣሪያ ፋንታ ቅጥነቱን በሜትር ርዝመት ላይ አጠራቅሞ በውሃ ከፍታ ማንበብ ማለት ነው።

ሙከራውን በኛ ቁጥር ብንደግመው ምን እናያለን? 4 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው የብረት ሽቦ፣ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ርዝመት፣ የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር 5 ሚሊሜትር ይሁን። ሽቦው ላይ 256 ኪሎ እናንጠልጥል፤ የስትረስ መጠኑ ያው 200 ሜጋፓስካል ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ሽቦ ይዘት 12,566 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ነው። ከቅጥነቱ የተነሣ ከዚህ 0.58 ሺሕኛ፣ ማለትም 7.3 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ቦታ ይለቀቃል። በሽቦውና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት 7 ስኩዌር ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ውሃው በ1.03 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ν ሩብ ቢሆን 0.89፣ ν ግማሽ ቢሆን ደግሞ 1.78 ሚሊሜትር ዝቅ ይል ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ግማሽንና ሩብን ለመለየት ዓይን ይበቃል፤ ይዘቱ እንደሚጨምር ይህ ሙከራ ያለ ጥርጥር ያሳያል። ሩብን ከ0.29 ለመለየት ግን የሚቀረን 0.14 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ በመስፋፋቱ ብቻ ወደ 0.2 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ሰው ቱቦውን በእጁ ቢነካው፣ መስኮት ቢከፈት ጉዳዩ አበቃ። ይህን ሙከራ ለመሥራት የሚያስብ ካለ ቱቦውን በሰፊ የውሃ መያዣ ውስጥ ያኑረው፤ ክብደቱን ደጋግሞ ይስቀልና ያውርድ። ክብደቱ በወረደ ቁጥር ውሃው ወደ መነሻው ካልተመለሰ የሚያነበው ቅጥነትን ሳይሆን ሙቀትን ነው።

ፖይሰን በሩብ ማመኑን አልነቅፈውም፤ ቁጥሩ ከሙከራው ጋር አልተጣላም ነበር። ተቃውሞው ግን ቆይቶ መጣ። ጆርጅ ግሪን በ1830ዎቹ መጨረሻ ስለ ነጥቦችና ስለ ስበታቸው ምንም ሳያነሣ ከኃይል ክምችት ብቻ ተነሥቶ፣ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት የሆነ ቁስ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ቁጥሮች ያስፈልጉታል አለ። ፖይሰን አንድ ይበቃል ነበር ያለው። ቬርትሃይም በ1848 በብርጭቆና በናስ ቱቦዎች የውስጥ ይዘት ላይ ሞክሮ ወደ ሲሶ የሚጠጋ ቁጥር አገኘ፤ ብሎም ለሁሉም ሲሶ ነው ብሎ ደመደመ። ይህ እንኳ አንዱን ስሕተት በሌላ መተካት ነበር።

የኪርኾፍ የ1859 ሙከራ ግን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ኪርኾፍ ቅጥነትንም ይዘትንም አልለካም። ክብ የብረት ዘንግ ወስዶ በአንድ ጭነት አጎበጠውም ጠመዘዘውም፣ ሁለቱን ማዕዘኖች ለካ። ማጉበጥና መጠምዘዝ እኩል ጉልበት ሲሰጣቸው የጥምዘዛው መጠን ለጉብጠቱ ሲካፈል 1 + ν ይመጣል። የዘንጉ ውፍረት ከሒሳቡ ይወጣል፣ ያንግ ሞጁለሱም ይወጣል፤ በቀላሉ የሚበላሹት ልኬቶች ሁሉ ተሰናበቱ። ለብረት ያገኘው 0.294 ነው። ዛሬ በዘመናዊ መሣሪያ ከምናገኘው የሚለይ አይደለም። ለናስ ደግሞ 0.387 አገኘ። ሁለት ብረቶች፣ ሁለት ቁጥሮች፤ አንዱም ሩብ አይደለም።

ታዲያ ግሪን የጠየቃቸው ሁለት ቁጥሮች ምን ምን ናቸው? በተለያየ መንገድ መምረጥ ይቻላል፣ እኔ ግን የሚከተለውን አከፋፈል እወዳለሁ። ቁስን ሁለት ዓይነት በደል ልታደርሱበት ትችላላችሁ። አንደኛው ቅርጹን ሳትለውጡ ይዘቱን መለወጥ ነው፤ ጥልቅ ባሕር ውስጥ እንደሰመጠ ኳስ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲጨመቅ። ሁለተኛው ይዘቱን ሳትለውጡ ቅርጹን ማዛባት ነው። በመጀመሪያው ላይ የሚያሳየው እምቢታ ባልክ ሞጁለስ ይባላል፣ K ብለን እንጽፈዋለን። በሁለተኛው ላይ የሚያሳየው ሺር ሞጁለስ፣ G ነው።

ዘንግ መጎተት የሁለቱ ድብልቅ ነው። 200 ሜጋፓስካል በአንድ አቅጣጫ፣ በሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎች ዜሮ፤ አማካዩ 66.7 ሜጋፓስካል ነው። ይዘቱን የሚያሰፋው ይህ አማካይ ብቻ ነው፤ የተቀረው ቅርጹን ያዛባል። የብረታችን ይዘት በ0.42 ሺሕኛ እንዳደገ ቀደም ብለን አግኝተናል። ስለዚህ 66.7 ሜጋፓስካልን ለ0.00042 ስናካፍል K 159 ጊጋፓስካል ያህል ይወጣል። ቀመሩ ይኸው ነው፦

K = E / [3(1 − 2ν)]

ከዚህ ላይ ν ምን እንደሆነ ይገለጣል። የይዘት እምቢታና የቅርጽ እምቢታ ሲፋለሙ የማን ክንድ እንደበረታ የሚናገር ቁጥር ነው። K ከ G እጅግ ከበለጠ ቁሱ ይዘቱን ከመለወጥ ቅርጹን መለወጥ ይቀለዋል፣ ስለዚህ ሲጎተት በደንብ ይቀጥናል፣ ν ወደ ግማሽ ይጠጋል። እርሳስ 0.44፣ ወርቅ 0.42 የሆኑት ለዚህ ነው። ብርጭቆ ወደ 0.22፣ ኮንክሪት ወደ 0.2 ዝቅ ይላሉ። የወይን ጠርሙስ ቡሽ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ስትጫኑት ወደ ጎን ስለማያብጥ አንገቱ ውስጥ ይገባል። ሮደሪክ ሌክስ በ1987 የሠራው ስፖንጅ መሰል ቁስ ደግሞ −0.7 ደርሷል፤ ሲጎተት ይወፍራል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ እንለፈው።

ላስቲክ ላይ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ላስቲክ አይታመቅም» ሲባል ሰምታችኋል። እውነቱ የላስቲክ K 2 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው፣ ከውሃ ጋር የሚቀራረብ፣ ከብረት ደግሞ ሰማንያ ጊዜ የሚያንስ። አሥራ አንድ ኪሎሜትር ጥልቀት ባለው ባሕር ውስጥ ግፊቱ 110 ሜጋፓስካል ግድም ነው፤ እዚያ ብረት ከይዘቱ 0.07 በመቶ ሲያጣ ላስቲክ ወደ 5 በመቶ ያጣል። ላስቲክ የማይታመቅ የሚመስለው K ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን G ከመጠን በላይ ትንሽ ስለሆነ ነው። ቅርጹን ለመለወጥ ምንም ስለማይከብደው ይዘቱን የሚነካበት ምክንያት የለውም።

ይህ ድልድይ ላይ ምን እንደሚያስከትል ላሳያችሁ። ብዙ የድልድይ ምሰሶ አናት ላይ፣ ምሰሶውና ወለሉ መካከል፣ የላስቲክ ትራስ አለ። ላስቲኩ ብቻውን አይደለም፤ ስስ የላስቲክ ንብርብሮች በብረት ሳህኖች መካከል ተጣብቀዋል። ከንብርብሮቹ አንዱ 300 በ400 ሚሊሜትር፣ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይሁን፤ የላስቲኩ G 0.9 ሜጋፓስካል፣ E ደግሞ የእሱ ሦስት እጥፍ፣ 2.7 ሜጋፓስካል። 1,200 ኪሎኒውተን ስናሳርፍበት ግፊቱ 10 ሜጋፓስካል ይሆናል። ላስቲኩ ነፃ ቢሆን ከ E አራት እጥፍ ግድም ስለሆነ ጠፍጥፎት ይሄድ ነበር። ብረቱ ላይ ስለተጣበቀ ግን ወደ ጎን ለመውጣት ያለው መንገድ በጠርዙ ያለችው 10 ሚሊሜትር ብቻ ናት። መሐንዲሶች የተጫነውን ስፋት ለጠርዙ ስፋት ያካፍላሉ፤ እዚህ 120,000 ለ14,000፣ 8.57 ነው። ይህን ቁጥር S እንበለው። የታሰረውን ላስቲክ ጥንካሬ E′ ብንለው፣ በአውሮፓ ደረጃ EN 1337-3 ውስጥ ያለው ግምት እንዲህ ይላል፦

1/E′ = 1/(5GS²) + 1/K

የመጀመሪያው ክፍል ላስቲኩ በጠርዝ ለመሹለክ የሚያሳየው እምቢታ ነው፤ 5GS² 331 ሜጋፓስካል ይመጣል። ሁለተኛው የይዘት እምቢታ ነው፤ K 2,000 ሜጋፓስካል። ሲደመሩ E′ 284 ሜጋፓስካል ይሆናል። ብቻውን 2.7 የነበረ ላስቲክ ሳህኖቹ መካከል ሲታሰር መቶ ጊዜ ጠነከረ። በጭነቱ ሥር 0.35 ሚሊሜትር ይወርዳል።

አሁን አንድ ወጣት መሐንዲስ ይህንኑ ትራስ በኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራዋል እንበል። ፕሮግራሙ E እና ν ይጠይቀዋል። 0.5 ቢያስገባ የቀመሩ ታችኛ ክፍል ዜሮ ይሆንና ፕሮግራሙ እምቢ ይለዋል። ስለዚህ «ያው ነው» ብሎ 0.49 ይጽፋል። ያው አይደለም። ለዚህ ላስቲክ ትክክለኛው ν ከ0.5 ላይ E/6K ሲቀነስ የሚገኘው 0.4998 ነው። 0.49 ሲጻፍ ግን K ወደ 45 ሜጋፓስካል ይወርዳል፣ ከእውነቱ አርባ አራት ጊዜ ያነሰ። E′ ከ284 ወደ 40 ገደማ ይወርዳል፣ ትራሱም 0.35 ሳይሆን 2.5 ሚሊሜትር ይሰምጣል። ነፃ ለሆነ ላስቲክ 0.49 እና 0.4998 አይለያዩም፤ ለታሰረ ላስቲክ ሰባት እጥፍ ይለያያሉ።

«እሺ፣ 0.4998 ልጻፍ» የሚል ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ፕሮግራሙ ቁሱን በመረብ ከፋፍሎ የሚያሰላባቸው ተራዎቹ ክፍልፋዮች ν ወደ ግማሽ ሲጠጋ ይቆለፋሉ፤ ቁሱ ከእውነቱ እጅግ የደነደነ መስሎ ይወጣል። ለዚህ የተሠሩት ግፊትን እንደ ራሱን የቻለ ያልታወቀ ቁጥር የሚይዙ ድብልቅ ክፍልፋዮች ናቸው። ተቆልፎ እንደሆነ ለማወቅ መረቡን በእጥፍ አድቅቆ እንደገና ማስላት ነው፤ መልሱ በጣም ከለሰለሰ የመጀመሪያው መልስ የቁሱ ሳይሆን የመረቡ ነበር።

ከዚህ የሚከተል አንድ የላቦራቶሪ ነገር አለ። የላስቲክን K ከ ν ለማግኘት አትሞክሩ። 1 − 2ν ውስጥ ν ላይ ያለው ጥቃቅን ስሕተት በእጥፍ ይገባና ከዜሮ አጠገብ ባለ ቁጥር ይካፈላል። ላስቲኩን ወፍራም የብረት ሲሊንደር ውስጥ ሞልታችሁ በፒስተን ተጫኑትና ይዘቱን በቀጥታ ለኩ። ብረት ላይ ነገሩ ይሻላል፦ ν 0.29 ሆኖ በ0.01 ብንሳሳት K በ5 በመቶ ይዛባል። እሱም ቢሆን ችላ የሚባል አይደለም።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(ከአዳራሹ፦ «ፌሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲበጠስ አንገት አውጥቶ በጣም ቀጥኖ አይቻለሁ። ያም የፖይሰን ሬሾ ነው?»)

አይደለም፤ ጥሩ ጠየቅህ። ያ አንገት ሌላ ነገር ነው። እስካሁን ያወራነው ሲለቀቅ የሚመለሰውን፣ በዘንጉ ርዝመት ሁሉ እኩል የሚታየውን ቅጥነት ነው። ፌሮው መፍሰስ ከጀመረ፣ ማለትም ሲለቀቅ ወደ ነበረበት መመለስ ካቆመ በኋላ የአቶም ሽፋኖች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ነው የሚረዝመው። መንሸራተት ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ይዘት አይለውጥም፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው መርዘም ሁሉ ሬሾውን ወደ ግማሽ ይስበዋል። አንገቱ ደግሞ ከዚህም የተለየ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሰበሰባል፣ የተቀረው ዘንግ እሱን መከተል ያቆማል። ከተበጠሰ ፌሮ ላይ አንገቱን በካሊፐር ለክተህ 20 የነበረው 14 ሆኗል፣ ስለዚህ 30 በመቶ ቀጥኗል፤ ርዝመቱ ደግሞ 20 በመቶ ጨምሯል ብለህ ብታካፍል 1.5 ይወጣል። ከ0.5 ያለፈ ቁጥር ሲመጣ፣ አካፋዩና ተካፋዩ ከአንድ ቦታ አልተለኩም ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ በደረጃው ASTM E132 ላይ ያለው ዓይነት ነው። በዘንጉ አንድ ቦታ ላይ የስትሬይን መለኪያ በርዝመቱም በወርዱም ይለጠፋል፣ በተቃራኒው ጎንም እንዲሁ ይደረጋል። ዘንጉ መንጋጋው ውስጥ ትንሽ ጠምሞ ቢገባ አንዱ ጎን የሚጨምረውን ሌላው ይቀንሰዋልና አማካዩን ትወስዳለህ። ከዚያ መፍሰስ ከሚጀምርበት በታች ጭነቱን ቀስ በቀስ ትጨምራለህ፣ ሁለቱንም ስትሬይን ከጭነቱ አንጻር ትስላለህ፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ መስመሮች መሆናቸውን ታያለህ። የወርዱን መስመር ዝንባሌ ለርዝመቱ መስመር ዝንባሌ ስታካፍል የምታገኘው ν ነው። ከአንድ ንባብ ላይ አታካፍል፤ መነሻው ላይ ያለው መንሸራተት እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይገባል። የወርዱ መስመር ከርዝመቱ ቀድሞ መጉበጥ ከጀመረ ደግሞ ብረቱ መፍሰስ ጀምሯል፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ነጥቦች ጣላቸው።